አዘጋጅ፣ አረጋጋጭ፣ አጽዳቂ፦ የሲቪዬን መግቢያ እንደገና የጻፍኩበት መንገድ

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ ዕድሜው ጠና ያለ ሰው፣ ሲቪዬን ገልጦ ከላይ ያለችውን አንቀጽ በእስክሪብቶው ጫፍ እየተከተለ አነበበ።

«የአይ.ኤፍ.አር.ኤስ ሽግግር መርቻለሁ ብለሻል።»

«አዎ።»

«የትኛውን ነው? ሙሉውን ወይስ የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶቹን?»

የሚጠይቀኝ ስለ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ነው፤ ይህችን መለስኩ። ቀጠለ። «በሽግግሩ ቀን ሕንፃውንና ማሽኑን በስንት ያዛችሁት? በነበረው የመዝገብ ዋጋ ነው ወይስ አስገምታችሁ ግምቱን መነሻ ዋጋ አደረጋችሁት?»

ዝም አልኩ። ያንን የወሰነው ድርጅታችን የቀጠረው አማካሪ ነው፤ እኔ በስብሰባው ላይ እንኳ አልነበርኩም። የእኔ ሥራ የቋሚ ንብረት መዝገቡ ነበር። ከማሽን ማሽን እየዞርኩ ቁጥር ለጥፌያለሁ፣ የግዢ ሰነዱን ከአቧራ ፋይል ውስጥ ፈልጌያለሁ፣ ሰነድ ያልተገኘለትን ለይቼ ዘርዝሬያለሁ። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ይህንኑ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው የሚጠይቀኝ ስለ መዝገቡ ነበር፤ እኔም ግማሽ ሰዓት ሳላቋርጥ አወራለሁ። «መርቻለሁ» የምትለዋ አንዲት ቃል የሠራሁትን ሸፍና ያልሠራሁትን አስጠየቀችኝ።

ያቺን አንቀጽ ከየት እንዳመጣኋት ልናገር። ከጓደኛ ሲቪ ነው የገለበጥኳት፤ ጓደኛዬም ከሌላ ሰው ገልብጣለች። ዳይናሚክ፣ ሪዘልት ኦሪየንትድ፣ ሃይሊ ሞቲቬትድ፣ ኤክስፐርት። ከሥር «ከ11 ዓመት በላይ ልምድ» የሚል ጨመርኩበት፣ በቃ።

ቤት ገብቼ በንዴት ጠራረግኳትና በምትኩ የጻፍኩት ደግሞ ሌላው ጥግ ሆነ። «በተለያዩ የሂሳብ ሥራዎች ላይ ተሳትፌያለሁ፣ በወር መዝጊያ ላይ እገዛ አድርጌያለሁ፣ አዳዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ ነኝ።» የዘጠኝ ዓመት አካውንታንት ስለ ራሷ የጻፈችው ሳይሆን ለልምምድ የመጣ ተማሪ የጻፈው ይመስላል። እኛ ዘንድ ራስን ማድነቅ ስለሚያሳፍር «እኔ ሠራሁ» ከማለት «ተሠርቷል» ማለት ይቀናናል። ቀጣሪ ግን «ተሠርቷል» የሚለውን አንብቦ ማን እንደሠራው አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሁለቱንም ወረቀት ይዤ በሚኒባስ ሐረጎን ወጣሁና ደሴ ገባሁ። የመጀመሪያ አለቃዬ ጡረታ ወጥተው ሆጤ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ከኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ልብስ ወጥቼ ስለነበር ገና ሳልቀመጥ ጋቢ አለበሱኝ። ሁለቱንም አነበቡ። የመጀመሪያዋን ሲያነቡ ሳቁ፣ ሁለተኛዋን ሲያነቡ ተቆጡ።

«ልጄ፣ ቫውቸር ሥሩ ላይ ስንት ፊርማ አለው?»

«ሦስት፣ ጋሼ። አዘጋጅ፣ አረጋጋጭ፣ አጽዳቂ።»

«እንግዲያው እያንዳንዱ ሥራሽ ላይ የትኛው መስመር ላይ ነው የፈረምሽው? እሱን ጻፊ። ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም አትጻፊ።»

ሲቪው የሚላከው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እዚያው ቡናው እስኪደርስ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት። ይህን ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። «ሪዘልት ኦሪየንትድ» የሚለውን ለአንድ ሰው ፊት ለፊት በአማርኛ ልበል ብል ምን እንደምል አላውቅም፤ «ወር በገባ በ8ኛው ቀን ትሪያል ባላንሱን አስረክባለሁ» ግን እናቴም ትገባታለች። በአማርኛ ስናገረው የሚያስቀኝን ቃል ሁሉ አወጣሁ። ከቅጽሎቹ አንድም አልተረፈ።

ከዚያ ሥራዎቼን በሦስቱ መስመር ደለደልኳቸው። የቋሚ ንብረት መዝገቡ ላይ አዘጋጅ ነኝ። ፔይሮሉና የባንክ ማስታረቂያው ላይ ባለፉት 4 ዓመታት የሚያዘጋጁት ሌሎች ሁለት ልጆች ናቸው፣ እኔ አረጋጋጭ ነኝ። አጽዳቂ የሆንኩበት ሥራ የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። በፊት የጻፍኳትን አንቀጽ በዚህ ዓይን ሳያት አፈርኩ። «መርቻለሁ» ስትል አዘጋጀሁ፣ አረጋገጥኩ፣ ወሰንኩ ማለቷ ነው፤ ሦስቱንም ፊርማ ለአንድ ሰው ሰጥታለች። ለተራ አንባቢ ጉብዝና ይመስለው ይሆናል፤ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ግን በአንድ ሰው እጅ የተጠቃለለ ሥራ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው የቁጥጥር ክፍተት ነው።

የዓመቱን ቁጥር ያስተካከልኩት በወረቀት ነው። 11 ዓመት ያልኩት ከተመረቅኩ ጀምሮ ቆጥሬ ነበር። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቼን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ከቀን እስከ ቀን ስደምር ሁለቱ ዓመት በገንዘብ ያዥነት ነው የተጻፈው። ማስታወቂያዎቹ «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» ሲሉ የሚያዩት ደብዳቤው ላይ ያለውን መደብና ቀን ነው፤ ብዙዎቹም ከግል ድርጅት የመጣ ማስረጃ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን እንዲገልጽ ይጠይቃሉ። መግቢያው 11 ብሎ ደብዳቤው 9 ካለ ቀሪውን አንቀጽ የሚያምን የለም። 9 አልኩ። ከ9ኙ 4ቱ በሲኒየርነት መሆናቸውን ስጨምርበት ደግሞ ከ11ዱ ይበልጥ ከበደ።

የወር መዝጊያው ጉዳይ አከራከረን። እኔ «የመዝጊያ ጊዜን ከግማሽ በላይ ቀንሻለሁ» ብዬ ነበር። አለቃዬ በምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። ትሪያል ባላንሱን ለሥራ አስኪያጁ የምልከው በኢሜይል ስለሆነ ስልኬ ላይ ፈልጌ ቀኖቹን አየሁ። ድሮ ወር በገባ በ18ኛው ቀን አካባቢ ነበር፣ አሁን በ8ኛው ነው። እውነት ነው፣ ቀንሷል።

«ምን አድርገሽ ነው የቀነስሽው?» አሉኝ።

ለካ የሚያዘገየን ሂሳብ ክፍሉ አልነበረም። የንብረት ክፍሉ የዕቃ ወጪ ሰነዶችን ወሩ ካለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ ይልክ ነበር፤ አንዱ ከጎደለ የመጋዘን ቆጠራውና መዝገቡ አይገጥሙም፣ ፍለጋው አሥር ቀን ይበላል። ከንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጋር ተነጋግረን በየዓርቡ እንድትልክ ተስማማን። ጉድለት ሲኖር በዚያው ሳምንት ይታወቃል። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ በየሳምንቱ ተሸክማ የምታመጣው ግን እሷ ናት። ስለዚህ «ከንብረት ክፍል ጋር» የሚል ገባ፣ «ከግማሽ በላይ» የሚለውም ወጥቶ በቦታው 18 እና 8 ተተኩ። ሁለቱን ቁጥር ያየ ራሱ ያሰላዋል። የሽያጭና የትርፍ ብር ግን አልጠቀስኩም፤ የድርጅቱ ምሥጢር ነው፣ የእኔ ሲቪ ማስጌጫ አይደለም። የሥራውን ስፋት ለማሳየት የሠራተኛው ብዛት ይበቃል።

ተነሥቼ ልሄድ ስል ነው አለቃዬ «የ2014ቱስ የት አለ?» ያሉት።

አልጻፍኩትም ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ቢሮ ዘግተን ነው የሸሸነው። ስንመለስ ኮምፒውተሮቹ የሉም፣ ፋይሎቹ ተበትነው ግማሹ ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ መቶት አገኘነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ሂሳብ ጠፋ። ያን ጊዜ እንደ መከራ እንጂ እንደ ሥራ አስቤው አላውቅም።

«ጽፈሽ አታውቂም እንጂ፣ ከሠራሽው ሁሉ ከባዱ እሱ ነው» አሉኝ።

እንዴት እንደሠራሁት ሲያስወሩኝ መልሱ ራሱ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ወጣ። ከባንክ የአራቱን ወር ስቴትመንት አስወጣሁ። ለግብር መሥሪያ ቤት ካስገባናቸው ወርኃዊ የቫትና የሥራ ግብር ማሳወቂያዎች ቅጂ ወሰድኩ። አቅራቢዎችን አንድ በአንድ እየደወልኩ በእጃቸው ያለውን የደረሰኝ ቅጂ ለመንኩ፤ እነሱም ብዙዎቹ ተዘርፈው ነበር። በባንክ ያለፈው ሁሉ ተገኘ። በጥሬ ገንዘብ ከተገዛው ግን ያልተገኘ አለ፤ እሱን ለብቻው ዘርዝሬ ለሥራ አስኪያጁ አቀረብኩ፣ ኦዲተሩም በዚያ መጠን አስተያየቱን ገደበ። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ መልሻለሁ» ማለት አልችልም። የማልችለውን ሳልል የቻልኩትን ከየትኞቹ መዛግብት እንዳገኘሁት ብጽፍ ግን ማንም አይነካብኝም።

ማታ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ የጨረስኳት ይቺ ናት፦

«በሂሳብ ሥራ የ9 ዓመት ልምድ አለኝ፤ ከዚህ ውስጥ 4ቱ በአምራች ድርጅት በሲኒየር አካውንታንትነት ነው። የባንክ ማስታረቂያንና የ340 ሠራተኞች ፔይሮልን አረጋግጣለሁ። ከንብረት ክፍል ጋር የሰነድ አላላኩን ቀይረን ወርኃዊ መዝጊያውን ከ18ኛው ወደ 8ኛው ቀን አምጥተናል። በአይ.ኤፍ.አር.ኤስ ሽግግር ወቅት የቋሚ ንብረት መዝገቡን አዘጋጅቻለሁ። በ2014 ሰነዱ የጠፋን የ4 ወር ሂሳብ ከባንክ፣ ከግብር ማሳወቂያና ከአቅራቢዎች መዛግብት መልሼ አዘጋጅቻለሁ።»

ቀጥሎ ያመለከትኩት አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ዘንድ ነው። እዚያ ከመጋዘን ይልቅ ሰነድ ስለሚከብድ የ2014ቱን ዓረፍተ ነገር ወደ ሁለተኛ ቦታ አወጣኋት፣ ቃሉን ግን አልነካሁም። ጠያቂዋ ከሁሉ ቀድማ እሷን አነሳች።

«ያልተገኘው ምን ያህል ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት። ዝርዝሩን ማን እንደፈረመበት ጠየቀችኝ፣ እሱንም ነገርኳት። አዘጋጅ ላይ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ ድርጅቴ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ሲያድስልኝ 9ኟን 10፣ 4ቷን 5 አደረግኳቸው።