የአድሬናል ኢንዛይም ጥያቄዎችን ራሴ እየጻፍኩ ያጠናሁበት መንገድ

የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና ሦስት ወር ሲቀረው፣ ደሴ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል የብረት በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ሦስት ቋሚ መስመሮች አሰመርኩ። ከዚያ በፊት የአድሬናል እጢ ኢንዛይም ጉድለቶችን የማጠናው በሰንጠረዥ ነበር። የትኛው ሆርሞን እንደሚጨምርና የትኛው እንደሚቀንስ በቃሌ ይዤ ነበር፤ ጥያቄው የሆርሞኑን ስም ትቶ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ፖታሲየም ሲጠይቀኝ ግን መልሱ ይጠፋብኝ ነበር። ሰንጠረዡ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አልያዘም።

በሩ ላይ ያሰመርኩት ይህን ይመስላል። ከላይ ኮሌስትሮል ወደ ፕሬግኔኖሎን ይለወጣል። ከዚያ የግራው መስመር በፕሮጄስተሮን፣ በዲኦክሲኮርቲኮስተሮንና በኮርቲኮስተሮን በኩል ወርዶ አልዶስተሮን ላይ ያበቃል። የመካከለኛው በ17-ሃይድሮክሲፕሮጄስተሮንና በ11-ዲኦክሲኮርቲሶል በኩል ወደ ኮርቲሶል ይወርዳል፤ የቀኙ ደግሞ ወደ ፆታ ሆርሞኖች ይሄዳል። 21-ሃይድሮክሲሌዝ እና 11-ቤታ-ሃይድሮክሲሌዝ የግራውንና የመካከለኛውን መስመር በአግድም የሚያቋርጡ ሁለት በሮች ናቸው፤ 21 ከላይ፣ 11 ከታች። 17-አልፋ-ሃይድሮክሲሌዝ ግን ከግራው መስመር ወደ መካከለኛውና ወደ ቀኙ የሚያሻግር በር ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲዘጋ ኮርቲሶል ያንሳል፤ ፒቱታሪ እጢ ይህን አይቶ ኤሲቲኤች ያበዛል፤ ኤሲቲኤችም ከላይ እየገፋ ከተዘጋው በር በላይ ያለውን ሁሉ ያከማቻል፤ የተከማቸውም ክፍት ወደሆነው መስመር ይፈሳል።

ኮምቦልቻ የምትኖረው የጥናት ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጥታ ትመጣ ነበር። ስምምነታችን እያንዳንዳችን አምስት ጥያቄ ጽፈን መለዋወጥ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ሁለት የኤክስ ክሮሞሶም ያላት፣ የብልቷ ቅርጽ ግን ወንድ ወይም ሴት ለማለት የሚያስቸግር አዲስ የተወለደች ሕፃን፤ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስተሮን ከፍተኛ፤ የጎደለው ኢንዛይም የትኛው ነው? መልሴ 21 ነበር። ጓደኛዬ ወደ በሩ ሄዳ በጣቷ 11ን ነካችና፣ «ወንድምዓለም፣ ይህ ሲዘጋስ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስተሮን አይከማችም?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ከ11 በር በላይ ያለው ሁሉ ሊከማች ስለሚችል፣ ያ ሆርሞን ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ መጠኑ በ21 ጉድለት ብዙውን ጊዜ እጅግ ቢልቅም ከፍተኛ መሆኑ ብቻ መልስ አይሆንም።

ላስተካክል ብዬ ሁለተኛ ስሕተት ሠራሁ። ለዚያችው የሁለት ቀን ሕፃን ሶዲየም 118፣ ፖታሲየም 7.2 ብዬ ጨመርኩ። ጥያቄውን ያነበበልን የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ግን የጨው እጦት ቀውስ በተለምዶ ከመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ እስከ ሦስተኛው ሳምንት እንጂ በሁለተኛው ቀን እንዲህ ከፍቶ እንደማይታይ ነገረን። የደም ግፊት ልጨምር ስልም እንዲሁ ከለከለኝ፤ በ11 ጉድለት ግፊቱ በአራስነት ገና ላይታይ ስለሚችል አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም። በመጨረሻ የጻፍኩት በአሥራ ሁለተኛ ቀኑ የሚያስመልስ፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ ሶዲየሙ 121 እና ፖታሲየሙ 7.1 የሆነ፣ 11-ዲኦክሲኮርቲሶሉ ያልጨመረ ወንድ ሕፃን ነው። ወንድ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፤ የወንድ ልጅ ብልት በ21 ጉድለት መደበኛ ስለሚመስል ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት አይኖርም፤ ልጁም ተቅማጥና ትውከት ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ጓደኛዬ የጻፈችው ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የወር አበባ አይታ አታውቅም፤ ጡቷ አላደገም፤ የብብትና የብልት ፀጉር የላትም። የደም ግፊቷ 165/105፣ ፖታሲየሟ 2.8 ነው። አልዶስተሮኗ ምን ይሆናል? እኔ ያለ ማመንታት «ከፍተኛ» አልኩ፤ ከፍ ያለ ግፊትና ያነሰ ፖታሲየም ሳይ እጄ ወደዚያ ስለሄደ። መልሱ «ዝቅተኛ» ነው፤ ወደ በሩ ሄደን አንድ በአንድ ተከተልነው።

ፀጉርም ጡትም አለመኖሩ የቀኙ መስመር መዘጋቱን ይናገራል፤ ስለዚህ 21 እና 11 ወዲያው ይወድቃሉ፤ ሁለቱም ቀኙን ክፍት ትተው የወንድ ሆርሞን ያበዛሉና። የቀረው 17 ነው። ወደ ቀኝ የሚያሻግረው በር ሲዘጋ ሁሉም በግራው መስመር ይወርድና ዲኦክሲኮርቲኮስተሮንና ኮርቲኮስተሮን ይከማቻሉ። ዲኦክሲኮርቲኮስተሮን ከአልዶስተሮን የደከመ ቢሆንም ጨው የመያዝ ኃይል አለው፤ ሲበዛ ኩላሊት ሶዲየም ይይዛል፣ ፖታሲየም ያስወጣል፣ ግፊትም ይጨምራል። ኩላሊቱ የደሙ መጠን እንደበዛ ሲያውቅ ሬኒን ማመንጨቱን ይቀንሳል፤ ሬኒን ሲያንስ አንጂዮቴንሲን ያንሳል፤ የእጢው ውጫዊ ክፍልም አልዶስተሮን የሚሠራበት ትእዛዝ ያጣል። ልጅቷ ኮርቲሶሏ አንሶ ሳለ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ቀውስ የማይደርስባት ደግሞ የበዛው ኮርቲኮስተሮን የኮርቲሶልን ሥራ ስለሚሸፍን ነው።

እዚህ ላይ በሩ ላይ የሣልኩት ሥዕል ጉድለት ገባኝ። በ11 ጉድለት አልዶስተሮን የሚያንሰው መስመሩ ስለተቆረጠ ብቻ ይመስል ነበር። በእጢው ውጫዊ ክፍል ግን ያንን እርምጃ ራሱ የሚሠራ አልዶስተሮን ሲንቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም አለ፤ አልዶስተሮን የሚወርደው በዋናነት ሬኒን ስለታፈነ ነው። በ11 ቁጥር አጠገብ በቀይ ጠመኔ «ሬኒን» ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ ጥያቄውን አንድ እርምጃ አራዘምነው፦ የዚህች ልጅ አልትራሳውንድ ማሕፀን ባያሳይስ? የወንድ የዘር ፍሬ ያለው ፅንስ የማሕፀንን መፈጠር የሚያስቀር ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህ ሆርሞን ስቴሮይድ ስላልሆነ በ17 ጉድለት አይነካም። ቴስቶስተሮን ግን ስለማይሠራ የውጭው አካል የሴት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማሕፀን ከሌለ ክሮሞሶሟ ኤክስ-ዋይ የመሆኑ ግምት ይጠነክራል፤ ማሕፀን ካለ ኤክስ-ኤክስ ናት፤ የደም ግፊቱና የፖታሲየሙ ታሪክ ግን በሁለቱም አንድ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ሕክምና ነበር። ለዚህችው ልጅ በአነስተኛ መጠን ግሉኮኮርቲኮይድ ከተጀመረላት ከወራት በኋላ ግፊቷ ወርዶ አልዶስተሮኗ ጨምሮ ተገኘ፤ ለምን? ጓደኛዬ ጠመኔውን ተቀብላ ከላይ ከኤሲቲኤች ጀመረች። ኤሲቲኤች ሲታገድ ዲኦክሲኮርቲኮስተሮን ይቀንሳል፣ የተያዘው ጨው ይወጣል፣ ሬኒን ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ አልዶስተሮንም ትእዛዙን እንደገና ያገኛል። መስመሩን አልዶስተሮን ጋ አድርሳ ሚኒባሱ ሳያመልጣት ቦርሳዋን አነሣች።