በጣም የበሰለው ቀይ ቡና ለምን ከማስኩ ጠፋ

ኅዳር ላይ የአጎቴ ልጅ ከአለታ ወንዶ ሀዋሳ ሲመጣ አንድ ፌስታል እሸት ቡና ይዞልኝ መጣ። የሚሠራው ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ነው። እዚያ ከመፈልፈሉ በፊት አረንጓዴውና ገና ብርቱካንማ የሆነው ፍሬ በእጅ ተለቅሞ ይወጣል። እኔም OpenCV የተባለውን የምስል ማቀነባበሪያ ላይብረሪ እየተማርኩ ስለነበር፣ ፍሬውን በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በትኜ በስልኬ አነሳሁትና ቀዩን ብቻ ለይቼ ለማውጣት ሞከርኩ።

ምስሉን ሂው የሚባለውን የቀለሙን ዓይነት፣ ሳቹሬሽን የሚባለውን የቀለሙን ድምቀትና ብሩህነቱን ለያይቶ ወደሚያስቀምጠው HSV ቀይሬ ሂው ከ0 እስከ 10 ያለውን ቀይ ብዬ ወሰድኩ። ማስኩን፣ ማለትም የተመረጠው ነጭ፣ ያልተመረጠው ጥቁር ሆኖ የሚታይበትን ምስል፣ ስከፍት ነጭ ሆነው የወጡት ብርቱካንማዎቹ ናቸው። ደም የመሰሉት፣ ጣቢያው አጥብቆ የሚፈልጋቸው ፍሬዎች ደግሞ ጥቁር። አንድ ሁለቱ ግማሽ ጎናቸው ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነበር። ምስጢሩ ያለው እነዚህ ግማሽ ግማሾቹ ላይ ስለሆነ፣ ከአንዱ ፍሬ ላይ ፒክስሎችን እያወጣሁ በወረቀት አሰላሁ።

ቀይ ከሦስቱ ቀለሞች ትልቁ ሲሆን ሂው የሚሰላው ከአረንጓዴው ሰማያዊውን ቀንሶ፣ በትልቁና በትንሹ ልዩነት አካፍሎ፣ በ60 በማባዛት ነው። ቀይ 150፣ አረንጓዴ 32፣ ሰማያዊ 28 የሆነ ፒክስል 2 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። አረንጓዴና ሰማያዊው ቦታ ቢለዋወጡስ? ውጤቱ ከዜሮ በታች 2 ይሆናል፤ ከዜሮ በታች ሲሆን 360 ስለሚደመርበት 358 ይወጣል። OpenCV በ8 ቢት ምስል ላይ 360ን መያዝ ስለማይችል ዲግሪውን ለሁለት ያካፍላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 179 ሆኖ ይቀመጣል። ለዓይን የማይለዩ ሁለት ፒክስሎች በቁጥር ግን ዳርና ዳር ናቸው። የሂው ክብ የተቆረጠው ልክ ቀዩ መሀል ላይ ነው።

ቡና ላይ ይህ ነገር ትርጉም አለው። ብርቱካንማው ፍሬ አረንጓዴው ከሰማያዊው ይበልጥበታል፤ ለምሳሌ 200፣ 60፣ 30 የሆነው 5 ላይ ያርፋል። በደንብ የበሰለው ግን ወደ ወይን ጠጅ ስለሚያደላ ሰማያዊው ይበልጣል፤ 150፣ 20፣ 40 የሆነው 175 ነው። የእኔ ማስክ ያልበሰለውን ይዞ የበሰለውን የጣለው ለዚህ ነው።

ከ170 እስከ 10 ብሎ በአንድ `inRange` መስጠት አይሠራም። ታችኛው ወሰን ከላይኛው ስለሚበልጥ፣ ምንም የስህተት መልእክት ሳይሰጥ ሙሉ ጥቁር ማስክ ይመልሳል። የተለመደው መፍትሔ ሁለት ማስክ ሠርቶ ማዋሃድ ነው፦

```python
hsv = cv2.cvtColor(img, cv2.COLOR_BGR2HSV)
m1 = cv2.inRange(hsv, (0, 90, 50), (10, 255, 255))
m2 = cv2.inRange(hsv, (165, 90, 50), (179, 255, 255))
mask = cv2.bitwise_or(m1, m2)
```

መሀል ላይ ያለውን 90፣ ማለትም የሳቹሬሽኑን ዝቅተኛ ወሰን እንዳትተዉት። ቀለም የሌለው ግራጫ ፒክስል ሂው ስለሌለው OpenCV 0 ይሰጠዋል፤ 0 ደግሞ ቀይ ነው። እኔ ወሰኑን 0 አድርጌ በሞከርኩበት ጊዜ የበረንዳው ሲሚንቶ በየቦታው እንደ ቀይ ቡና ተቆጥሮ ወጣ።

ይህ ቀዩን ሁሉ ያወጣል፤ የበሰለውን ከብርቱካንማው ግን አይለይም። ለዚህ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ክቡን ማዞር ነው። ሂው ላይ 90 ደምሮ ለ180 ሲካፈል የሚቀረውን ከወሰድን ቀይ መሀል፣ 90 ላይ ይቀመጣል፦

```python
h = hsv[:, :, 0].astype(np.int16)
h2 = ((h + 90) % 180).astype(np.uint8)
```

አሁን 175 የነበረው 85፣ 5 የነበረው 95 ሆነ። ፍሬው ከመጠን በላይ ከበሰለው እስከ ጥሬው በአንድ መስመር ተሰልፏል፤ በእኔ ፎቶ ላይ ከ75 እስከ 92 ያለውን በአንድ `inRange` የበሰለ ብሎ መውሰድ በቂ ሆነ። ቁጥሩ ከብርሃኑና ከስልኩ ጋር ስለሚለዋወጥ የእናንተን ራሳችሁ ለኩ።

`astype(np.int16)` የምትለዋ ቁራጭ ሁለት ሰዓት ፈጅታብኛለች። ያለ እሷ ድምሩ በ`uint8` ይሠራል፤ 175 ሲደመር 90 ወይም 265 ከ255 ስለሚያልፍ ተመልሶ 9 ይሆናል። 5 ሲደመር 90 ግን በትክክል 95 ነው። ስለዚህ የብርቱካንማዎቹ ቁጥር በትክክል ይወጣና የበሰሉት ከማስኩ እንደገና ይጠፋሉ፤ ልክ የመጀመሪያውን ስህተት ይመስላል። ለመለየት አንድ የታወቀ የበሰለ ፒክስል መርጣችሁ ከመደመር በፊትና በኋላ `print` አድርጉት።

ምስሉን ማለስለስ ከፈለጋችሁም ወደ HSV ከመቀየራችሁ በፊት አድርጉት። የ1 እና የ179 አማካይ 90 ነው፤ ያ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ ነው። ሂው ላይ ብዥታ ከተጠቀማችሁ በየቀዩ ፍሬ ላይ የሌለ ቀለም ይፈጠራል።

ያልፈታሁት የፀሐይ ነጸብራቁን ነው። ፍሬው ላይ የምታበራው ነጭ ነጥብ ሳቹሬሽኗ ስለሚወርድ በማስኩ ላይ ቀዳዳ ትተዋለች። ለጊዜው ፎቶውን ጥላ ውስጥ ነው የማነሳው፤ ቀዳዳዎቹም በጣም አንሰዋል።