በ30 ሆሄ ቃል ገብቶ ገጹ ላይ መካድ

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ የትርጉም ቢሮ አላት። የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉማለች። አብዛኞቹ ደንበኞቿ የኢሚግሬሽን ፋይል የሚያስገቡ ናቸው። ጎግል ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያዋን የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ቁጣ በቀረልን!

አካውንት መክፈቱና ካርድ ማስገባቱ ብዙ ወሬ የለውም። ልኩም ግልጽ ነው፤ አንድ ርዕስ ከ30፣ አንድ መግለጫ ከ90 ሆሄ አይበልጥም፤ ባዶ ቦታና ሥርዓተ ነጥብም ይቆጠራሉ። እስከ 15 ርዕስና እስከ 4 መግለጫ ማስገባት ይቻላል። ዋናው ርዕሳችን 29 ላይ ቆመልን፦

```
Certified Amharic Translation
```

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጻፍነው ሁሉ አንድ ላይ አይወጣም። ጎግል ቢበዛ ሦስት ርዕስና ሁለት መግለጫ መርጦ፣ ቅደም ተከተሉንም ራሱ ወስኖ ያጣምራል፤ አንዳንዴ ከዚያም ያነሰ ያሳያል። እኛ ደግሞ «በዕለቱ እናደርሳለን» የሚለውን ርዕስ ላይ፣ «እስከ 2 ገጽ ብቻ» የሚለውን መግለጫ ላይ አድርገነው ነበር። ተስፋው በየቦታው ሲወጣ ገደቡ አብሮት አልወጣም።

አንድ አባት ከሰዓት በኋላ ደወሉ፤ የልጃቸው የትምህርት ማስረጃ ክምር ገጽ ነው። «ልጄ፣ ዛሬ ይደርሳል ብላችሁ ጽፋችሁ የለም እንዴ?» እህቴ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍንም ብላ ማለች። ጽፈናል። የትኛው ርዕስ ከየትኛው መግለጫ ጋር እንደወጣ የሚያሳየውን ሪፖርት ስከፍት፣ ገደቡን የያዘው መግለጫ ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ አልታየም።

ይባስ ብሎ በስልክ የሚመክረን የማስታወቂያ ባለሙያ ርዕስ እንድንጨምርና ምንም ነገር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲወጣ እንዳንቆልፍ ወተወተን። ምክንያቱ `Ad strength` የሚባለው የጎግል የማስታወቂያ ጥንካሬ መለኪያ `Excellent` እንዲል ነው። ይህን ምክር አትስሙ። መለኪያው የማን ማስታወቂያ እንደሚወጣ ጎግል የሚወስንበት ጨረታ ውስጥ አይገባም፤ ከአንድ አባት ጋር የሚያጣላችሁንም አይቆጥርም። እኔ ዋናውን ርዕስ አንደኛ ቦታ፣ ይህን ደግሞ ሁለተኛ ቦታ ላይ ቆለፍኩ፦

```
Same Day, Up to 2 Pages
```

23 ሆሄ ነው፤ ተስፋውም ገደቡም አብረው ይሄዳሉ። ሁልጊዜ መታየት ያለበት ነገር አንደኛው ወይም ሁለተኛው ርዕስ፣ አለዚያም አንደኛው መግለጫ ላይ መቆለፍ አለበት፤ ሦስተኛው ርዕስና ሁለተኛው መግለጫ ላይታዩ ይችላሉ። መለኪያው ወረደ፤ ይውረድ።

ሁለተኛው ንዴቴ ድረ ገጹን የሠራልን ሰው ነው። ማስታወቂያውን የተጫነ ሁሉ የሚያርፈው መነሻ ገጹ ላይ ነበር። የሕንጻው ፎቶ፣ መፈክር፣ ታክስ መሥራት፣ የአውሮፕላን ትኬት፤ ትርጉም ከታች፣ ስልክ ላይ ብዙ ከወረዱ በኋላ ነው የሚገኘው። ማስታወቂያው በገጽ 25 ዶላር ሲል ገጹ «ለዋጋ ይደውሉ» ይላል። ሰው ይጫናል፣ እኛ እንከፍላለን፣ እሱ ይመለሳል። ጎግል የሚሰጠውን የጥራት ነጥብ ሦስት ክፍሎች ለያይቼ ሳይ፣ ማስታወቂያው ከፍለጋው ጋር መግጠሙ ከአማካይ በላይ፣ የማረፊያ ገጹ ከአማካይ በታች ነበር። ሰው የማይጫን ከሆነ ጽሑፉን፣ ተጭኖ የሚሄድ ከሆነ ገጹን ጠርጥሩ።

«መነሻ ገጹ እኮ ሁሉንም ይዟል» እያለ ድረ ገጹን የሠራው ሰው ተከራከረኝ። ችግሩም እሱ ነው። በመጨረሻ ለትርጉም ብቻ አንድ ገጽ አስከፈትኩት። የገጹ ርዕስ ከማስታወቂያው ቃል በቃል አንድ ነው፤ ከሥሩ 25 ዶላሩ፣ ከዚያ የሁለት ገጹ ገደብ፣ ከዚያ ሰነዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ መላኪያው፤ ሁሉም ሳይወርዱ ይታያሉ። አሁን ዋጋ በተለወጠ ቁጥር መጀመሪያ ገጹን፣ ቀጥሎ ማስታወቂያውን ነው የምቀይረው።

ከእህቴ ጋር ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። ብዙ ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገው በኖተሪ የጸደቀ ትርጉም ብሎ ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ዩኤስሲአይኤስ ግን የሚጠይቀው ሙሉ ትርጉምና፣ ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ተርጓሚውም ቋንቋውን እንደሚችል ራሱ ፈርሞ የሚያረጋግጥበትን ጽሑፍ ነው፤ ኖተሪ አይጠይቅም። ስለዚህ ለዚያ ፍለጋ ይህን ጻፍኩ፦

```
No Notary Needed for USCIS
```

26 ሆሄ። ገጹም ይህንኑ ያብራራል፤ ኖተሪ የሚጠይቅ ሌላ መሥሪያ ቤት ላለበት ደግሞ ክፍያውን ለብቻው አስቀምጧል። እህቴ የኖተሪ ገቢያችንን ቆረጥክብኝ ትላለች። እስካሁን አላነሳሁትም።