የጥብሱ ዋጋ ሲጨምር የእኔ ለምን ይቆማል?

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ በግሌ የግራፊክ ዲዛይን ሥራ እሠራለሁ። ዋጋ ስትጨምር ለደንበኞችህ ሁሉ በአንድ ቀን አሳውቅ የሚለውን የተለመደ ምክር አልተከተልኩም፤ ለማንም አልመክረውም። ለግል ኮሌጁ በጀቱ ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር በግንቦት ነገርኩት። የሠርግ ጥሪ ካርድ ዋጋዬን ደግሞ ሠርግ በማይደገስበት በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ የፋሲካ ማግስት ሙሽሮች ማዘዝ ሳይጀምሩ ለወጥኩ። ሁለቱም ያለ ክርክር አለፉ።

ያንገበገበኝ ሆቴሉ ነው። የምግብ ዝርዝሩን በ3,000 ብር ሠርቼላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሥጋና የዘይት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ይደውሉልኛል፤ እኔም የክትፎውን፣ የጥብሱን፣ የዱለቱን አዲስ ዋጋ በነፃ አስገባለሁ። የእነርሱን ጭማሪ በገዛ እጄ እየጻፍኩ የእኔ ዋጋ ባለበት ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ዋናውን ዋጋ ከመጨመር ባሻገር ነፃ የነበረውን ሥራ ለይቼ ዋጋ አወጣሁለት። አዲስ ዝርዝር ሁለት ዙር እርማት ጨምሮ 4,500 ብር፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ የዋጋ ለውጥ በየጊዜው 400 ብር። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይቶ «አንተ እኮ ቤተኛ ነህ፤ ምነው እንደ እንግዳ?» አለኝ። ወዲያው ግን ቤተኛነቴን ረስቶ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ብሎ አዘዘ።

ከማተሚያ ቤቶቹ በመጣው ፕሮፎርማ ላይ ከዲዛይን ትይዩ «በነፃ» ይላል። እንዴት አይል? ትርፉ ያለው ኅትመቱ ውስጥ ነው። ዲዛይንና ኅትመት ተለያይተው ይጻፉ፣ የእርማቱም ብዛት ይጠቀስ ብዬ ብለምን የሚሰማኝ ጠፋ፤ ሥራው ሄደ።

ማተሚያ ቤቱ ከእኔ የተረከበው ለኅትመት የተዘጋጀውን የድሮውን ዝርዝር ፒዲኤፍ ነው። ከሆቴሉ ጋር ባለኝ ውልም ላይ የሚታረመው ዋና ፋይል እኔ ዘንድ ይቀራል ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉ ወደ ቅርጽ ስለተቀየረ እንደ ጽሑፍ አይታረምም። እነርሱም ቁጥሮቹን በነጭ ሸፍነው በሌላ ፊደል ጻፉባቸው። ነጩ ሣጥን በታተመው የክሬም ቀለም መደብ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የዱለቱ ዋጋ ወርዶ ከምላስ ሰንበሩ መስመር ላይ አርፏል። አስተናጋጆቹ ከእንግዳ ጋር ሲጨቃጨቁ ከረሙ።

ሆቴሉ ተመለሰ፤ በ400 ብሩም ተስማማ። ባነሩን ግን እዚያው ማተሚያ ቤት አስቀርቷል፤ አልከራከርም፣ ባነር አንዴ ተሰቅሎ የሚረሳ ሥራ ነው። እናንተም ከመጨመራችሁ በፊት የሚታረመው ፋይል የማን እንደሆነ በጽሑፍ አስፍሩ። ቀድሞ ለመስጠት ተስማምታችሁ ከሆነ ግን ስጡ፤ ዋጋ ለማስጨመር ብሎ ፋይል መያዝ ደንበኛን ያርቃል።

ሥራ አስኪያጁ አሁንም ለ400 ብር ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቀኛል።