በ38 ሺሕ ብር የሸጥኩት ማሽን 83 ሺሕ ብር «ሲከፈልበት»

ያገለገለ የልብስ ማጠቢያ ማሽኔን ፎቶ አንስቼ፣ ዋጋውን 38,000 ብር ብዬ በቴሌግራም የመሸጫ ቡድኖች ላይ መለጠፍ ምንም አላስቸገረኝም። ይህን የምጽፈው ስለ ሽያጩ ሳይሆን ስለ ክፍያው ነው። ገንዘብ መድረሱን እንዴት እንደምናረጋግጥ የሚሰጠው የተለመደ ምክር፣ በባንክ መስኮት ላይ በአካል የተሰጠኝን ጨምሮ፣ ሻጩን አሳልፎ የሚሰጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አስቀድሞ የነገረኝ ሰውም አልነበረም።

ገዢው ዋጋ ሳይከራከር ተስማማ። ሐዋሳ እንደሚኖር፣ ማሽኑም አዲስ አበባ ላለች እህቱ እንደሆነ፣ የሚጭን ሹፌር እንደሚልክ ነገረኝ። የሒሳብ ቁጥሬንና ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ብዙ ሰዎች ለዚህ ይሳቀቃሉ፤ ነገር ግን የሒሳብ ቁጥር የያዘ ሰው ገንዘብ ሊያስገባ እንጂ ሊያወጣ አይችልም። መደበቅ ያለበት የሚስጥር ቁጥርና ባንኩ በስልክ የሚልከው የአንድ ጊዜ ኮድ ነው።

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ የክፍያ ደረሰኝ ምስል ላከልኝ። የባንኩ አርማ፣ ስሜ፣ የሒሳብ ቁጥሬ የመጨረሻ አኃዞች፣ የግብይት ቁጥርና ኪውአር ኮድ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። መጠኑ ግን 38,000 ሳይሆን 83,000 ይላል። አይቼ ሳልጨርስ ደወለ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጄ ቀድሞ ስምንቱን ሦስቱን አገላበጥኩት። እኔ ዛሬ የዕለት ገደቤን ስለጨረስኩ ምንም ማድረግ አልችልም። ትርፉን 45 ሺሕ ለሹፌሩ በቴሌብር ይላኩለት፤ እሱ እዚያው የሚከፍለው ዕቃ አለበት።»

የዚህ ማታለያ ብልኃት ያለው በተገላበጡት ሁለት አኃዞች ላይ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ማንም ሊሠራው ስለሚችል ለማመን አያስቸግርም። ሻጩም «የሰው ገንዘብ እጄ ገባ» ብሎ ይጨነቃል፤ እንዴት እንደሚመልስ ሲያስብ፣ መጀመሪያውኑ ገንዘቡ ገብቷል ወይ የሚለውን ጥያቄ ይዘለዋል። አጭበርባሪው የሚሠራው በስግብግብነታችን ላይ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ በእኔ ላይ ሊሠራ የሞከረው ግን በይሉኝታዬ ላይ ነው።

ወዲያው አጭር የጽሑፍ መልእክትም ገባልኝ። አጻጻፉ ባንኬ ከሚልከው ጋር ቃል በቃል ይመሳሰላል፤ ሒሳቤ 83,000 ብር ገቢ እንደተደረገበት ይናገራል። ሁለት ነገሮች ግን አልጣሙኝም። አንደኛ፣ የባንኬ መልእክቶች በባንኩ ስም ሥር ለዓመታት በአንድ ቦታ ተደርድረው ሳሉ፣ ይህኛው በ09 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ለብቻው መጣ። ሁለተኛ፣ የባንኬ እውነተኛ መልእክት ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ቀሪ ሒሳቤን ይጽፋል፤ ይህኛው ያ መስመር የለውም። ቀሪ ሒሳቤን የማያውቅ ሰው ሊጽፈው አይችልምና። የስልክ ቁጥሩን ምልክት እንኳ በጣም አትመኑበት፤ የላኪን ስም አስመስሎ መልእክት መላክ የሚቻልበት መንገድ አለ። የቀሪ ሒሳቡ መስመር ግን ለአጭበርባሪው ከባድ ነው።

የባንኬን መተግበሪያ ከፍቼ ሳይ ሒሳቤ ንቅንቅ አላለም። ለገዢው ይህንኑ ነገርኩት። «ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» አለኝ። በዚህ መካከል ሹፌሩ ከበር ደውሎ ጫኞቹ የቆሙበትን እያስቆጠሩ መሆኑን ይነግረኛል። ሒሳቤ ላይ ሳይታይ ማሽኑም እንደማይወጣ፣ አምስት ሳንቲምም እንደማልልክ ነግሬው ወደ ሰፈራችን የባንክ ቅርንጫፍ ሄድኩ። የተበሳጨሁት እዚያ ነው።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት ስልኬን ተቀብላ ምስሉን በጣቷ አሳድጋ አየችና፣ ኮምፒውተሯን ሳትነካ «ደረሰኙ ትክክል ነው፣ ሲስተም እየዘገየ ነው፣ እስከ ነገ ይጠብቁ» አለችኝ። በአንድ ባንክ ውስጥ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የሚደረግ ዝውውር በተለመደው ሁኔታ ወዲያው የሚፈጸም መሆኑን እያወቅሁ፣ «ለምን ይዘገያል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኔትወርክ» አለች። ገዢው የተናገረውን ቃል ከባንኩ ሠራተኛ አፍ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አንባቢ ይገምት። ያን ጊዜ ሹፌሩ ከጎኔ ቢሆን ኖሮ፣ ባንኩ ራሱ መሰከረልኝ ብሎ ማሽኑን ጭኖ ይሄድ ነበር።

የግብይት ቁጥሩን ሲስተም ውስጥ እንድታስገባው ለመንኳት። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ፤ እሷም ይህ የእሷ ሥራ እንዳልሆነ፣ የላከው ሰው ራሱ መጥቶ ማመልከት እንዳለበት ነገረችኝ። የላከው ሰው አጭበርባሪ ቢሆን መጥቶ የሚያመለክተው ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝም። አልሄድም ብዬ ስቆም ተቆጣጣሪው መጣና ቁጥሩን አስገባው። ፊቱ ተለወጠ። ቁጥሩ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን የሌላ ሰው፣ የሌላ ቀን፣ ከእኔ ሒሳብ ጋር ምንም የማይገናኝ ዝውውር ነው። ከዚህ በላይ ሊነግረኝ አይችልም፤ አልጠየቅሁትምም። እንግዲህ «ቁጥሩ ሲስተም ላይ አለ» መባል ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ ልብ በሉ፤ አጭበርባሪው ከእውነተኛ ደረሰኝ ተነሥቶ ስሙን፣ ቀኑንና መጠኑን ነው የሚቀይረው። ባንኩ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ደረሰኝ ትክክል ነው?» የሚል ሳይሆን «በእኔ ሒሳብ ላይ ዛሬ ምን ገባ?» የሚል ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ኮምፒውተሩን መንካት ግድ ይላል።

ቤቴ ገብቼ ምስሉን ረጋ ብዬ ስመረምረው ስፌቱ ታየኝ። ደረሰኙ ላይ የአገልግሎት ክፍያ 10 ብር፣ በክፍያው ላይ ያለው ቫት 0.75 ብር ተብሎ ተጽፏል። ቫት 15 በመቶ ስለሆነ የ10 ብር ቫት 1.50 ነው፤ 0.75 የ5 ብር ቫት ነው። ጠቅላላ ድምሩም 83,005.75 ይላል። የዋናው ደረሰኝ ክፍያ 5 ብር እንደነበረ፣ ሰውየው መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ክፍያውንም ከፍ አድርጎ ቫቱንና ድምሩን እንደረሳው ከዚህ ይገባል።

የግብይት ቁጥሩም ራሱ ይናገራል። ንግድ ባንክን ጨምሮ ተመሳሳይ የባንክ ሲስተም የሚጠቀሙ ባንኮች FT ብሎ የሚጀምር ቁጥር ይሰጣሉ። ከFT በኋላ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጅ ዓመተ ምሕረቱ መጨረሻ ናቸው፤ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረው ቀን ነው። የእኔ ደረሰኝ FT25127 ብሎ ይጀምራል፤ ይኸውም የ2025 127ኛ ቀን፣ ሜይ 7፣ በእኛ ሚያዝያ 29 ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ሜይ 14 ነው፤ 134ኛው ቀን። የሳምንት ልዩነት አለ።

ይህን የምነግራችሁ ግን ደረሰኝ መርማሪ እንድትሆኑ አይደለም። ነገ የሚመጣው አጭበርባሪ ድምሩንም ቀኑንም ያስተካክለዋል። ባንኮች ደረሰኙ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርጋችሁ አረጋግጡ ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ኮዱ የሚወስደው ኮዱን የሠራው ሰው ወደ ፈለገው አድራሻ ነው፤ የባንኩን ገጽ መስሎ የተሠራ ገጽ ቢከፈት አድራሻውን ፊደል በፊደል የሚያነብ ሻጭ አላየሁም። ገዢ ከላከው ምስል፣ ሊንክ ወይም ኮድ የሚነሣ ማረጋገጫ ሁሉ የገዢው ቃል ነው። የእኔ ማረጋገጫ ራሴ ከከፈትኩት መተግበሪያ ወይም ራሴ ከደወልኩት አጭር ቁጥር ይጀምራል፤ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889#።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ነበር። «ገንዘብ ጠፋብዎት?» አሉኝ። አልጠፋም ስል «ታዲያ ምን እናድርግልዎት?» ተባልኩ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 9 የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ሐሰተኛ የኮምፒዩተር ዳታ ማዘጋጀትን በራሱ ወንጀል አድርጎ ደንግጎታል። የሹፌሩን የቴሌብር ቁጥር፣ ምስሉንና መልእክቱን አትሜ ይዤ ነበር፤ የተቀበለኝ አልነበረም።

የዚህ ማታለያ የከፋው ዓይነት ግን ገንዘቡ በእውነት የሚገባበት ነው። ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች የሚነግድ አንድ የማውቀው ሰው ላይ የደረሰው ይህ ነው። ፍሪጅ ሸጠ፤ ከዋጋው በላይ የሆነ ገንዘብ ሒሳቡ ላይ በትክክል ገባ፤ ትርፉን በተነገረው የስልክ ቁጥር መለሰ። ገንዘቡ የገባው ግን በገዢው ስም ሳይሆን በማያውቃት ሴት ስም ነበር። እሷም የተታለለች ናት፤ ለሌላ ዕቃ የከፈለች መስሏት ወደ እሱ ሒሳብ ልካለች። ስትከስ ባንኩ የእሱን ሒሳብ አገደ። ፍሪጁም የመለሰው ገንዘብም ሄደ፤ ሴትዮዋም የላከችውን ሁሉ ከእሱ ጠየቀች።

ስለዚህ ትርፍ ገንዘብ በእውነት ከገባላችሁ የላኪውን ስም ከገዢው ስም ጋር አስተያዩ። ስሙ የተለየ ከሆነ ዕቃውን አታስረክቡ። ትርፉንም ገዢው ወደሚሰጣችሁ ሌላ ቁጥር አትላኩ፤ ለባንካችሁ በጽሑፍ አመልክታችሁ፣ በባንኩ በኩል ወደመጣበት ሒሳብ ብቻ ይመለስ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ያለ መብት የተቀበላችሁትን ገንዘብ መመለስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግዴታችሁ ነው፤ ሹፌሩ በር ላይ ስለቆመ በሩብ ሰዓት ውስጥ መልሱ የሚል ግን የትም የለም።

ማሽኑን በኋላ የገዛችኝ ሴት ክፍያውን ሳሎኔ ተቀምጣ በስልኳ ፈጸመች። ደረሰኟን ልታሳየኝ ስልኳን ስታዞርልኝ አያስፈልግም አልኳት፤ ትንሽ ቅር አላት መሰለኝ። መተግበሪያዬን ከፍቼ ሒሳቤ 38,000 ብር መጨመሩን፣ ላኪዋም እሷ መሆኗን አየሁና በሩን ለጫኞቹ ከፈትኩ።