የወንድ መስሎት ያነበበው የሴት እጅ

ከፖሊስ የሚመጣ የዕድሜ ምርመራ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «ግለሰቡ 18 ዓመት የሞላው መሆኑና አለመሆኑ ተመርምሮ ውጤቱ እንዲላክልን» ይላል፤ ማህተም አለው፣ በቃ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ባለው ሆስፒታላችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብርቅ አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ብዙ ነው። ከገጠር ለቤት ሠራተኝነት የሚመጡት ደግሞ ዕድሜያቸውን የሚያውቁት ዘመድ ባስታወሰላቸው ልክ ነው።

መጋቢት 2016 ላይ አንዲት ሳጅን ይዛው የመጣችው ግን ከደብዳቤው ሌላ ከዚህ በፊት የተነሳ ራጅና የተጻፈ ውጤትም ነበረው። ልጅቷ በምትሠራበት ቤት ወርቅ ጠፍቶ ተጠርጥራለች። በሌላ ቦታ የተሠራው ውጤት «የአጥንት ዕድሜ 17 ዓመት ገደማ፣ 18 ሞልቶት ሊሆን ይችላል» ይላል። አክስቷ «ኧረ ልጅ ናት!» ብላ ስለተከራከረች ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ታዟል። ይህ ክርክር እንዲያው የስሜት አልነበረም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ የሚታየው ለብቻው በተደነገገ ሥርዓት ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው እንደ አዋቂ ቢከሰስም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ ከ18 በላይ ሲሆን ግን ሙሉ በሙሉ አዋቂ ነው። አንድ ራጅ ልጅቷን ከአንዱ ወደ ሌላው መስመር ሊያሻግራት ይችላል ማለት ነው።

ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀልኩት። የግራ እጅ ነው። የዕድሜ ምርመራ በግራ እጅ የሚሠራው መመዘኛ አትላሱ በግራ እጅ ስለተዘጋጀ ነው። የሚታየው ነገር በቀላሉ ይህን ይመስላል። የልጅ እጅ ላይ የእያንዳንዱ ረጅም አጥንት ጫፍ ከግንዱ ተለይቶ እንደ ክዳን ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ጥቁር ሰረዝ ይታያል። ጥቁር የሆነው ገና አጥንት ያልሆነ ካርቲሌጅ ስለሆነ ነው፤ ራጅ ያልፈዋል። ግሮውዝ ፕሌት የምንለው እሱን ነው። ልጁ ሲጎለምስ ሰረዙ እየጠበበ ይሄድና ክዳኑና ግንዱ ይገጥማሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ በጥቁሩ ቦታ ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ጥቁር ከሆነ ክፍት ነው፣ ነጭ ከሆነ ተዘግቷል።

መዝጋቱ እንዲያው በአንድ ጊዜ አይሆንም፤ ተራ አለው። በመጀመሪያ የጣት ጫፍ አጥንቶች ይዘጋሉ፣ ቀጥሎ የመዳፉና የቀሩት የጣት አጥንቶች፤ በመጨረሻ የክንዱ ሁለት አጥንቶች አልናና ሬዲየስ አንጓው ጋ ይዘጋሉ። ሬዲየስ የሁሉም መጨረሻ ነው። በትንንሽ ልጆች ግን መዘጋትን አንመለከትም፤ የምንቆጥረው የአንጓዋን ትናንሽ አጥንቶች ነው። ካፒቴትና ሃሜት የሚባሉት በተወለዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይታያሉ፤ ፒሲፎርም የምትባለው ምስር የምታክል አጥንት የምትመጣው ግን ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ነው። የእኛዋ ልጅ ያን ሁሉ ጨርሳለች። በአውራ ጣቷ ሥር ያለችውም ትንሽዬ ሴሳሞይድ ወጥታለች፤ ጉርምስና መጀመሩን ከሚናገሩት ምልክቶች አንዷ ናት።

ጣቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል፣ አንዳንዶቹ ላይ ነጩ መስመር አለ። መዳፉም ተዘግቷል። የሬዲየስ ሰረዝ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። በአልና ላይ ደግሞ ማየት አልቻልኩም፤ ልጅቷ አምባሯን ሳታወልቅ ተነስታ ኖሮ ብረቱ ልክ ሰረዙ ላይ አርፏል።

ይህን ይዤ ግሩሊክና ፓይልን አወጣሁ። እጃችን ላይ ያለው አትላስ እሱ ነው፤ መጀመሪያ 1950 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ1959 የተሻሻለው። ለወንድ ልጆች ለብቻ፣ ለሴት ልጆች ለብቻ በዕድሜ የተደረደሩ የእጅ ፎቶዎች አሉት፤ የያዝከውን ፊልም ከጎን አድርገህ ቅርብ የሚመስለውን ትፈልጋለህ፣ ከዚያ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ታነጻጽራለህ። ሴቶች ክፍል ገለጥኩና 15 ዓመት ላይ ደረስኩ። የእጁ መልክ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ታዲያ 17 የሚለው ከየት መጣ?

የድሮውን ውጤት እንደገና አነበብኩት። ጾታ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ስሟ ደግሞ እንደ ደስታ የወንድም የሴትም የሚሆን ነው። አትላሱን ወንዶች ክፍል ከፍቼ ስመለከት መልሱ ተገኘ፤ ያው እጅ በወንዶች በኩል ቅርብ የሚመስለው 17 ላይ ነው።

ፊልሙን ያነበበውን ሐኪም አውቀዋለሁና ደወልኩለት።

«ያቺን የዕድሜ ምርመራ ታስታውሳለህ? ሴት ናት እኮ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ምን? ምስሉን በቴሌግራም ነው የላኩልኝ። ጾታ አልተጻፈበትም፤ በስሙ ወንድ መስሎኝ…»

እጁ ላይ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረም። የእጅ ራጅ ጾታን አይናገርም፤ አንባቢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር ነው። ከጉርምስና በኋላ በሴትና በወንድ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዓመት ገደማ ይደርሳል፤ ሴቶች ይቀድማሉ። ሰረዙን የሚዘጋው በዋናነት ኢስትሮጅን ነው፣ ወንዶችም ላይ ሳይቀር፤ የወንዱ ሆርሞን በከፊል ወደ ኢስትሮጅን ተቀይሮ ነው ሥራውን የሚሠራው። ይህን ለማመን የሚቸግረው ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. የተዘገበውን ሰው ያስብ፤ ኢስትሮጅን መቀበያው በዘረመል ችግር አልሠራ ብሎ በ28 ዓመቱ የአጥንት ዕድሜው 15 ነበር፤ ሁለት ሜትር አልፎም ገና ያድግ ነበር።

ጉዳዩ ግን እዚህ አላበቃም፤ አምባሩ አለ። የራጅ ባለሙያችን ልጅቷን አስገባት። «እህቴ፣ አምባሩን አውልቂ፣ መዳፍሽን እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ አድርገሽ እዚህ ላይ አሳርፊ፣ ጣቶችሽን ትንሽ ዘርዘር አድርጊያቸው» አላት። ጣት ከታጠፈ የጣቱ ሰረዝ ተደራርቦ የተዘጋ ይመስላል፤ አንጓው ዘመም ካለም ሬዲየስ እንዲሁ ያታልላል። የጨረሩን መሃል በመሃል ጣት ሥር ባለው የመዳፍ አጥንት ራስ ላይ አደረገው። አዲሱ ፊልም ላይ የአልና ሰረዝ ጠርዙ መዘጋት ጀምሯል፣ ሬዲየስ ግን ክፍት ነው። ተራውን የጠበቀ እጅ ነው፤ 15 ላይ ጸናሁ።

ሳጅኗ ሰዓቷን አየች። «እንግዲህ ዶክተር፣ 15 ሞላት ማለት ነው?»

«አይደለም። አጥንቷ በአትላሱ ሴት ልጆች መለኪያ 15 ዓመት ይመስላል ማለት ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

ልዩነቱ ብዙ ነው። በዚህ ዕድሜ በአትላሱ ልጆች መካከል ራሳቸው ጤነኛ ሆነው የአጥንት ዕድሜያቸው ከልደታቸው በአንድ ዓመት ገደማ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከመቶ ዘጠና አምስቱን ለማቀፍ ከፈለግክ በሁለቱም በኩል ሁለት ዓመት ገደማ ትሰጣለህ። ስለዚህ ትክክለኛው አነጋገር ከ13 እስከ 17 የሚል ነው። 18ን በተመለከተ ጠንከር ያለ ነገር መናገር እችላለሁ፤ አልሞላትም የሚለው ያመዝናል። 15ን በተመለከተ ግን መስመሩ የሚያልፈው ልክ በመሃሉ ነው። ፊልሙ ከ15 በታች ናት ወይም በላይ ናት ሊለኝ አይችልም። በወንዶች ሚዛን 17 ተብሎ ቢቀር ኖሮ ስፋቱ ከ15 እስከ 19 ይሆን ነበር፤ 18 ሞልቷታል የሚለውም በሩ ክፍት ሆኖ ይቀር ነበር። ስህተቱ የሁለት ዓመት ብቻ ይመስላል፤ ሕጉ ላይ ያለው ውጤቱ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱ ደግሞ ልጅቷን አይጠቅማትም፣ ግን መጻፍ ነበረብኝ። አትላሱ የተሠራው በ1930ዎቹና 40ዎቹ እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ከነበሩ ኑሯቸው ደህና ከሆነ ነጭ ልጆች ነው። በልጅነቷ ምግብ ያነሳት ወይም በሕመም የቆየች ልጅ አጥንቷ ሊዘገይ ይችላል፤ 15 የሚመስል እጅ ያላት ልጅ በእውነት 16 ወይም 17 ልትሆን ትችላለች። የእንቅርት ሆርሞን ማነስም ያዘገያል። ተገላቢጦሹም አለ፤ ጉርምስናው ቀድሞ የመጣ ልጅ አጥንቱም ይቀድማል። በመሆኑም ቁመቷንና ክብደቷን ለካን፣ የቆየ ሕመም እንዳለባት ጠየቅን፣ አንገቷን ዳሰስኩ። ቁመቷ አጠር ያለ ነው እንጂ ሌላ የተለየ ነገር አላገኘሁም። ጥርሷም እንዲታይ ጥርስ ሐኪም ጋ ላክናት፤ ሁለት የማይዛመዱ ምስክሮች ሲስማሙ ግምቱ ይጠነክራል።

አክስትየዋ በር ላይ ቆማ ነበር። «እማማ፣ መቼ ነው የተወለደችው?» አልኳት።

«ሚሊኒየም የተባለው በዓል ካለፈ ወዲህ በሁለተኛው ክረምት ነው። ሐምሌ ውስጥ። ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ ሳትሻገር ቀረች፣ እኔ ራሴ ነኝ የተቀበልኳት።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሐምሌ 2001 ነው የሚሆነው፤ እስከ መጋቢት 2016 አሥራ አራት ዓመት ከስምንት ወር። ከፊልሙ ጋር ይስማማል፤ ግን ፊልሙ ይህን አረጋገጠ ማለት አይደለም፤ 16 ብትለኝም ይስማማ ነበር። ይህንን ለሳጅኗ ስነግራት «ታዲያ ዶክተር፣ ምን ልጻፍ?» አለች ፈገግ ብላ።

«አንቺ አትጽፊም፣ እኔ ነኝ የምጽፈው» አልኩና ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ ግራ እጅ፤ ጾታ ሴት፤ የጣትና የመዳፍ አጥንቶች ተዘግተዋል፣ አልና መዘጋት ጀምሯል፣ ሬዲየስ ክፍት ነው፤ በግሩሊክና ፓይል የሴቶች መለኪያ የአጥንት ዕድሜ 15 ዓመት፤ የልደት ዕድሜ ከ13 እስከ 17 ሊሆን ይችላል፤ 18 ዓመት አልሞላትም የሚለው ያመዝናል፤ 15 ዓመት መሙላትዋንና አለመሙላትዋን በዚህ ምርመራ መለየት አይቻልም፤ የመለኪያው ልጆች ኢትዮጵያውያን አይደሉም፤ የቀድሞው ንባብ በወንዶች መለኪያ የተሠራ በመሆኑ አያገለግልም።

ሳጅኗ አንብባ ስታበቃ «አንድ ቁጥር ብቻ ብትጽፍልኝ ይቀለኝ ነበር» አለች። «ዳኛው ይጠይቁሃል።»

«ይጥሩኝ፣ እመጣለሁ» አልኳት። ከራጅ ክፍሉ ጋር የተነጋገርነው ደግሞ ሌላ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ጾታ ያልተጻፈበትን የዕድሜ ጥያቄ ባለሙያው አይቀበልም፤ ፊልሙ ጥግ ላይም ከግራው ምልክት ጎን «ሴ» ወይም «ወ» ይለጥፋል።