«ካይንድሊ ሪቨርት» እና አምስት መቶ ተለጣፊ ወረቀት

ሁለት ማታ አመሸሁ። አምስት መቶ የታተመ መመሪያ ፊቴ ተቆልሎ፣ አንድ በአንድ ገጽ 19ን እየገለጥኩ ትንሽ ወረቀት ስለጥፍ። ወረቀቷ ላይ ያለው «220 ቮልት» የሚል ብቻ ነው። ከሥሯ የተሸፈነው ደግሞ 110 ይላል። የዚህ ሁሉ መነሻ በእንግሊዝኛ የጻፍኳት አንዲት መስመር ናት፦ «ካይንድሊ ሪቨርት ኦን ፔጅስ 12፣ 19 ኤንድ 40 አት ዩር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ።»

ስልካት እንዴት እንደኮራሁባት ልንገራችሁ። ጨዋ ናት። ጠንከርም ትላለች። የቢሮ እንግሊዝኛ ማለት ይሄ ነው ብዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባ ስምንት ገጽ ያለው የማሽን አጠቃቀም መመሪያ እያዘጋጀን ነበር። ገጹን የሚያቀናብርልን አሜሪካዊ ዲዛይነር ነው፤ የምንገናኘው በኢሜይል ብቻ። ሠላሳ አንድ እርማት ላክንለት፣ አስገብቶ መለሰ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ፋይሉን ሳየው ግን በሦስት ገጾች ላይ ያሉት ሰንጠረዦች ጥርጣሬ ፈጠሩብኝ። ቁጥሮቹን የወሰደው ከአዲሱ ዝርዝር ነው ወይስ ከድሮው? ልጠይቀው የፈለግኩት ይህንን ብቻ ነበር። እንደገና አንብቧት እስቲ፤ በጻፍኳት መስመር ውስጥ ይህ ጥያቄ የታለ?

የለም። እኔ «ሪቨርት» ማለት «መልስ ስጠኝ» ማለት ነው ብዬ ነው የማውቀው። በሕንድ፣ በሲንጋፖር፣ በማሌዥያ የንግድ ደብዳቤ ላይ በእርግጥም እንደዚያ ነው፤ ኢሜይሎቻቸው ላይ በየቀኑ ታገኙታላችሁ፣ እኔም የለመድኩት ከእነሱ ጋር ስሠራ ነው። አሜሪካዊና እንግሊዛዊ ጆሮ ላይ ግን ቃሉ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ ነው። ንብረት ወደ ቀድሞ ባለቤቱ ሲመለስ ሪቨርት ያደርጋል። ፕሮግራመር `git revert` ብሎ ሲጽፍ የተሠራውን ለውጥ መቀልበሱ ነው። ዲዛይነሩ ታዲያ ምን አነበበ? «ገጽ 12፣ 19 እና 40ን ወደነበሩበት መልስልኝ።» እንግዳ ጥያቄ ሳይመስለው አልቀረም። ግን ደንበኛ የጠየቀውን ነው የሚሠራው።

መቼ ይሥራ? «አት ዩር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ።» ሲመቸው። እኔ ይህንን ሐረግ «በተቻለ ፍጥነት» ብዬ ነበር የማነበው፤ «ኧርሊየስት» የሚለው ቃል አታሎኝ ነው። ሙሉ ትርጉሙ ግን «መጀመሪያ በሚመችህ ጊዜ» ነው፣ የሚመቸውን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። አልተመቸውም።

በአራተኛው ቀን «ጀንትል ሪማይንደር» ላክሁ። ዝም። በሰባተኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀና ያቺን ኢሜይል ጻፍኩ። «አዝ ፐር ማይ ኧርሊየር ኢሜይል፣ ካይንድሊ ዱ ዘ ኒድፉል።» የሱን አለቃ ደግሞ ሲሲ አደረግኩ። እኔ በአማርኛ እንደማስበው «ቀደም ሲል በጻፍኩልዎ መሠረት አስፈላጊውን እንዲያደርጉልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ነው ያልኩት። ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ እኮ እንዲህ ነው! ማን ይቀየማል?

እሱ ተቀየመ። በማግስቱ ሳይሆን በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው። «ደን። ፔጅስ 12፣ 19 ኤንድ 40 ሪቨርትድ አዝ ሪኩዌስትድ።»

እኔ ምን አደረግኩ? ተደሰትኩ። «ሪቨርትድ» ሲል በራሴው መዝገበ ቃላት «መልሻለሁ» አልኩት። ጥያቄዬን አይቶ፣ ሰንጠረዦቹን አረጋግጦ፣ ፋይሉን አስተካክሎ ልኳል። ሁለታችንም አንድ ቃል ጻፍን፣ ሁለታችንም ተግባባን ብለን ተለያየን። ማተሚያ ቤቱ በማግስቱ ይጀምራል፣ እኔም ሦስቱን ገጾች ሳልከፍት ፋይሉን አስተላለፍኩ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሦስት ገጽ መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የታተመው ሲመጣ አለቃዬ ናት ያየችው። ገጽ 19ን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «አንተ፣ ይሄ 110 ከየት መጣ?» አለችኝ። ዲዛይነሩን ልወቅስ ኢሜይሎቹን ከፈትኩ። ለብዙ ዓመት ከአሜሪካኖች ጋር የሠራች ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ይሄን የሰባተኛውን ቀን ለእኔ ብትልክልኝ አኮርፍህ ነበር» አለች። «ለምን? ካይንድሊ ብያለሁ እኮ» ስላት፣ «እሱ እኮ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን እስካሁን እጠቀምበታለሁ። በአማርኛ አክብሮት ግሱ ላይ ነው ያለው። «ላክ» እና «ይላኩ» ስንል አክብሮቱ ራሱ ተነግሯል፤ «እርስዎ» አለን፣ «ልዎ» አለን። እንግሊዝኛ ግን «ዩ» ብቻ ነው ያለው፣ ለአለቃም ለሕፃንም። እኛ ያንን ክፍተት ስናይ ይጨንቀናል፣ አክብሮታችንን የምናስቀምጥበት ቦታ እናጣለን። ስለዚህ «ካይንድሊ»ን እንደ «በትህትና» እንለጥፋለን። ትእዛዙ ግን ከሥሩ እንዳለ ነው። «ካይንድሊ ሴንድ» ያው «ሴንድ» ነው። አሜሪካዊ «ካይንድሊ» የሚለውን በብዛት የሚሰማው ከተናደደ ሰው ወይም ከማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ነው፤ «እባክህ እግርህን ከወንበሬ ላይ ታነሳልኛለህ?» ዓይነት ጥርስ የተነከሰበት ጨዋነት። በዚያ ላይ የአጭበርባሪዎች ኢሜይል ይህን ቃል ስለሚያበዛው ገና ሲያዩት የሚጠራጠሩ አሉ። እንግሊዝኛ ጨዋነቱን የሚያሳየው በጥያቄ ነው። «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ...?» ሰውየው እምቢ ማለት የሚችል ያስመስላል። ጨዋነቱ ያ ማስመሰል ነው።

«አዝ ፐር ማይ ኧርሊየር ኢሜይል» ደግሞ የባሰ ነው። «አንዴ ነግሬህ ነበር፣ አታነብም?» ነው የሚሰማው። አለቃውን ሲሲ ካደረጋችሁበት ደግሞ ክስ ሆነ። «ዱ ዘ ኒድፉል» ድሮ እንግሊዝ አገር የሚባል ነበር፤ እዚያ ሲደበዝዝ ሕንድ ውስጥ ቀረ። ለዲዛይነሩ ግን የጨዋነቱም የጥንካሬውም ጉዳይ አልነበረም። «ኒድፉሉ ምንድን ነው?» ሳይል አልቀረም። ልክ ነው። እኔም አልነገርኩትም።

እዚህ ላይ ብሽቅ የምለው በራሴ ብቻ አይደለም። ስለ ቢሮ ደብዳቤ አጻጻፍ አንድ ስልጠና ወስጃለሁ፤ እነዚህ ሐረጎች በሙሉ «ፕሮፌሽናል አባባሎች» ተብለው በወረቀት ታትመው ነው የተሰጡኝ። ከጎናቸው ምንም ማብራሪያ የለም። ማን ለማን ሲጽፍ? ለየትኛው አገር ሰው? ባዶ። «ዮር ፕሮምፕት ሪስፖንስ ኢዝ ሃይሊ አፕሪሺየትድ» ብላችሁ ሁልጊዜ ዝጉ ይላል። እኔ ደግሞ አትዝጉ እላለሁ። ቀን የሌለው «ፕሮምፕት» ቁጣን እንጂ መረጃን አያደርስም።

«አት ዩር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ»ን ግን ሙሉ በሙሉ አልጣልኩትም። ትርጉሙ በላኪው ትከሻ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። አለቃ «ኮል ሚ አት ዩር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ» ካለች አሁኑኑ ደውሉ። ባንክ ስላልተከፈለ ዕዳ ከጻፈው ማስጠንቀቂያ ነው። ሻጭ ለገዢ ከጻፈው ደግሞ በእርግጥም «ሲመችዎት» ነው። እኔ ለዲዛይነሩ ስጽፍ ደንበኛ ነኝ፣ ግን ከብዙ ደንበኞች አንዱ። ስለዚህ የኔ «ኮንቪኒየንስ» ከነዚያ ሁሉ ኋላ ተሰልፎ ጠበቀ። አሁን የምጠቀምበት በእርግጥ ካልቸኮልኩ ብቻ ነው።

ተለጣፊውን ከጨረስን በኋላ ሁለተኛውን ዙር ልናሳትም ነበርና ያው ዲዛይነር ጋ መመለስ ነበረብኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ «ሪቨርት» ስል «መልስ» ማለቴ እንደነበር ነገርኩት። ከዚያ ኢሜይሉን በአማርኛ ብታነቡት ይህን ይመስላል፦ «የገጽ 12፣ 19 እና 40 ሰንጠረዦች ቁጥራቸው ከተያያዘው ዝርዝር ጋር አንድ ነው? እስከ ሐሙስ ጁን 12 ልትነግረኝ ትችላለህ? ማተሚያ ቤቱ ዓርብ ጠዋት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ለውጥ አይቀበልም። ሐሙስ ካልሆነልህ እስከ ማክሰኞ አሳውቀኝ፣ ወረፋችንን ላዛውር።»

ወሩን በስሙ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ 06/12 ብል አሜሪካዊው ጁን 12 ያነባል፣ እንግሊዛዊው ደግሞ ዲሴምበር 6። «ካይንድሊ» አንድም የለበትም። ስልጠናው ላይ ያለ አንድም ሐረግ የለበትም። ከፊተኞቹ ኢሜይሎቼ ሁሉ የጠነከረው ግን ይሄ ነው፤ ቀኑ፣ ምክንያቱና ካልሆነ ምን እንደሚከተል ተነግሯል፣ የሚያስኮርፍ ቃል ግን የለውም። ሁለተኛ ማስታወሻ ቢያስፈልግ ኖሮም «ጀንትል ሪማይንደር» አልልም ነበር። «ጀንትል ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰው ማን ያምናል? «ሐሙስ አሁንም ይሆንልሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አሁንም ከሕንድ ወይም ከሲንጋፖር «ካይንድሊ ሪቨርት» የሚል ኢሜይል ይደርሰኛል። አልናደድም፤ እነሱ ጋ ቁጣ የለውም፣ «መልስልኝ» ነው። እመልሳለሁ። እኔ ግን ለእነሱም «ሪፕላይ» ብዬ ነው የምጽፈው፤ ኢሜይል ነገ ለማን ፎርዋርድ እንደሚደረግ አይታወቅም።

ዲዛይነሩ ረቡዕ መለሰ፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ። በዚህ ጊዜ ስሜን ጠርቶ ሰላም ብሎኛል። ሦስቱንም ገጾች ከፍቼ አየሁ፤ 220 በቦታው አለ። የፋይሉን ስም ያየሁት ግን በኋላ ነው፦ `manual_final_NOT_reverted.pdf`